የግድግዳ ዩ-ቫሊዩ እና የሙቀት ድልድይ ስሌት፦ ከኢንሱሌሽኑ ከረጢት እስከ ከፍተኛው የማሞቂያ ጭነት

ብዙ ሰው የግድግዳውን ሙቀት ብክነት የሚያሰላው በኢንሱሌሽኑ ከረጢት ላይ የተጻፈውን የአር-ቫሊዩ ቁጥር፣ ማለትም ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ወስዶ፣ አንድን ለዚያ ቁጥር አካፍሎ፣ ዩ-ቫሊዩ የሚባለውን ውጤት በግድግዳው ስፋት በማባዛት ነው። ይህ አሠራር ሁልጊዜ የሚሳሳተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ብክነቱን አሳንሶ ያሳያል። ከረጢቱ የሚናገረው ስለ ኢንሱሌሽኑ ብቻ ሲሆን፣ ግድግዳው ውስጥ ግን ኢንሱሌሽኑን እየቆራረጡ ሙቀትን ወደ ውጭ የሚያሻግሩ፣ ስተድ የሚባሉት ቋሚዎችና ሌሎች እንጨቶች፣ ጠርዞችና መጋጠሚያዎች አሉ። እነዚህ ማሻገሪያዎች የሙቀት ድልድይ ይባላሉ።

ይህ መመሪያ አንድን ቤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሰላል። ቤቱ በሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስ አካባቢ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ስፋቱ 10 ሜትር በ8 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ በድምሩ 5.4 ሜትር፣ መስኮትና በር ከተቀነሱ በኋላ የሚቀረው የግድግዳ ስፋት 164 ካሬ ሜትር ነው። የእርስዎ ቤት ቁጥሮች ይለያያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

## ከመጀመርዎ በፊት

ስሌቱን በሜትሪክ መለኪያ ብቻ ይሥሩ። በአሜሪካ ከረጢት ላይ ያለውን የአር ቁጥር ወደ ሜትሪክ ለመለወጥ ለ5.678 ያካፍሉ። ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ገጽ ላይ ማደባለቅ ስሌቱን ከሥሩ ያበላሻል፤ ስህተቱም አምስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ውጤቱ 0.05 ወይም 2 የመሰለ ቁጥር ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው በእርግጥ ከምን እንደተሠራ ያረጋግጡ። ፕላን ከሌለዎት በውጭ ግድግዳ ላይ ያለን አንድ ሶኬት ይምረጡና ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ። ሶኬቱ በእርግጥ መጥፋቱን በመሞከሪያ ካረጋገጡ በኋላ ክዳኑን ይፍቱ። በሳጥኑና በጂፕሰም ቦርዱ መካከል ባለው ክፍተት ቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ስንጥሩ የኋላውን ሰሌዳ ሲነካ ምልክት አድርገው ያውጡትና ከጂፕሰሙ ውፍረት የተረፈውን ይለኩ። 89 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግድግዳው ቱ-ባይ-ፎር፣ 140 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱ-ባይ-ሲክስ ነው። የብረት ነገር አያስገቡ።

## ደረጃ 1፦ ንብርብሮቹን ከውስጥ ወደ ውጭ ይዘርዝሩ

የእያንዳንዱ ንብርብር ሙቀትን የመቋቋም አቅም የሚገኘው ውፍረቱን በሜትር ጽፎ ለቁሱ የሙቀት አስተላላፊነት በማካፈል ነው። በሁለቱም የግድግዳ ፊት ላይ ያለው ስስ የአየር ንብርብርም ይቆጠራል፤ በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 6946 መስፈርት ለውስጠኛው 0.13፣ ለውጪው 0.04 ይወሰዳል።

```
የውስጥ አየር                              0.130
ጂፕሰም ቦርድ 12.7 ሚ.ሜ   0.0127 / 0.16   =  0.079
የኦኤስቢ ሰሌዳ 11 ሚ.ሜ    0.011 / 0.13    =  0.085
የውጭ አየር                               0.040
በሁሉም ቦታ ያሉት ድምር                       0.334

በስተዶቹ መካከል፦ ኢንሱሌሽን  18 / 5.678    =  3.17
በስተዱ ላይ፦ እንጨት 140 ሚ.ሜ  0.140 / 0.12  =  1.17
```

የዚህ ቤት ኢንሱሌሽን ከረጢት አር-19 እያለ ለምን 18 ተጻፈ ብለው ጠይቀው ይሆናል። አር-19 የሚባለው የፋይበርግላስ ባት ተፈትቶ ሲነፋ 159 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። 140 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባለው ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅም ወደ አር-18 ይወርዳል። አምራቾቹ ይህንን ራሳቸው በመረጃ ሰንጠረዣቸው ያወጡታል፣ ከረጢቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ግን አያገኘውም።

የግድግዳውን የውጭ ልባስ፣ ሳይዲንጉን፣ ከስሌቱ ይተዉት። ከበስተጀርባው አየር ስለሚዘዋወር የሚጨምረው ጥቅም ትንሽና የማይታመን ነው፤ መተዉም ስሌቱን ወደ ጥንቃቄው ያጋድለዋል።

## ደረጃ 2፦ የእንጨቱን ድርሻ ይወስኑ

ብዙ ጥንቁቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስተዶቹ በ406 ሚሊ ሜትር ርቀት የተተከሉ፣ እያንዳንዳቸውም 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ከሆኑ፣ 38ን ለ406 በማካፈል 9.4 በመቶ ይገኛል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግድግዳው ግን እንደዚያ አልተሠራም። ከላይ ድርብ አግዳሚ፣ ከታች አንድ አግዳሚ፣ በየመስኮቱ ዙሪያ ተጨማሪ ስተዶች፣ ከመስኮትና ከበር በላይ ወፍራም ተሸካሚ እንጨት፣ በማዕዘን ሦስት አራት እንጨት ተደራርቦ ይገኛል። በዚህ ርቀት ለተሠራ ተራ የእንጨት ግድግዳ በአሜሪካ በማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ዘንድ የተለመደው ድርሻ 25 በመቶ ነው።

የግንባታ ፎቶ ካለዎት የራስዎን ድርሻ ይቁጠሩ። መስኮት የሌለበትን አንድ ግድግዳ ብቻ ቆጥረው ለቤቱ ሁሉ አይጠቀሙበት፤ እንጨቱ የሚበዛው መስኮት ባለበት ነውና።

## ደረጃ 3፦ ሁለቱን ወሰኖች አስልተው አማካዩን ይውሰዱ

ሙቀት በእንጨቱና በኢንሱሌሽኑ በኩል እንዴት እንደሚያልፍ በሁለት መንገድ መገመት ይቻላል። በመጀመሪያው ግምት ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ብቻ ያልፋል፤ በእንጨቱ የገባው በእንጨቱ፣ በኢንሱሌሽኑ የገባው በኢንሱሌሽኑ ይወጣል። ይህ የመቋቋም አቅሙን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በሁለተኛው ግምት ሙቀቱ በየንብርብሩ ወደ ጎን እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ስለሆነ አማካያቸው ይወሰዳል።

```
ከፍተኛ ወሰን
  በኢንሱሌሽን በኩል  1 / (0.334 + 3.17) = 0.285
  በእንጨት በኩል     1 / (0.334 + 1.17) = 0.665
  U = 0.75*0.285 + 0.25*0.665 = 0.380
  R = 1 / 0.380 = 2.63

ዝቅተኛ ወሰን
  0.75/3.17 + 0.25/1.17 = 0.450
  R = 0.334 + 1/0.450 = 2.555

አማካይ R = 2.59      U = 1 / 2.59 = 0.386
```

ስለዚህ የግድግዳው ዩ-ቫሊዩ 0.386 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ነው። ወደ አሜሪካ መለኪያ ሲመለስ አር-14.7 ይሆናል፤ የተገዛው ግን አር-19፣ በዩ-ቫሊዩ 0.299፣ ነበር። የእንጨቱን ድርሻ 9.4 በመቶ ብለው ቢወስዱ ኖሮ ውጤቱ 0.32 ይሆን ነበር፤ ይህም የስህተቱን አንድ ሦስተኛ እንኳ ሳያርሙ ማቆም ነው።

እዚህ ላይ ከተሳሳቱ፦ ከፍተኛው ወሰን ከዝቅተኛው ያነሰ ሆኖ ከወጣ የመደመር ስህተት አለ፤ ብዙ ጊዜ የአየር ንብርብሮቹ በአንደኛው ወሰን ብቻ ተደምረው ይገኛሉ። ከፍተኛው ከዝቅተኛው በአንድ ተኩል እጥፍ የበለጠ ከሆነ ደግሞ ዘዴው ለዚያ ግድግዳ አይሠራም። በእኛ ምሳሌ ልዩነቱ ሦስት በመቶ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ስተዶቹ የብረት ከሆኑ ይህን ደረጃ ጨርሶ አይጠቀሙ። ብረት ከኢንሱሌሽን ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ ስስ ቆርቆሮ ቢሆንም ከአካባቢው ሙቀት ይስባል፤ አማካይ መውሰዱም ትርጉም ያጣል። አሽሬ 90.1 የተባለው የአሜሪካ የሕንፃ መስፈርት ለዚህ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለው። በዚያ ሰንጠረዥ መሠረት በ406 ሚሊ ሜትር ርቀት በተተከሉ ባለ 152 ሚሊ ሜትር የብረት ስተዶች መካከል የገባ አር-19 ኢንሱሌሽን የሚቆጠረው እንደ አር-7.1 ነው።

## ደረጃ 4፦ መጋጠሚያዎቹን በርዝመት ያስሉ

እስካሁን የተሰላው ግድግዳው ጠፍጣፋ የሆነበት ቦታ ነው። ግድግዳው ከፎቁ ወለል፣ ከመሠረቱና ከመስኮቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ተጨማሪ ሙቀት ይወጣል። ይህ ተጨማሪ ፕሳይ በሚባል ዋጋ ይገለጻል፤ በአንድ ሜትር ርዝመት፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚጨመር ይናገራል። በኮምፒውተር የተሠራ የመጋጠሚያ ሞዴል ካለ ዋጋው እንዲህ ይገኛል፦

```
psi = L2D - (U1*l1 + U2*l2)
```

`L2D` ሞዴሉ በአንድ ሜትር ርዝመት፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ያሳየው አጠቃላይ የሙቀት ፍሰት ነው፤ ከእሱ ላይ ጠፍጣፋዎቹ ክፍሎች ብቻቸውን የሚያሳልፉት ይቀነሳል። ሞዴል ከሌለ ለተመሳሳይ መጋጠሚያ ከተዘጋጀ ካታሎግ ይወሰዳል። ለዚህ ቤት የወሰድኳቸው ዋጋዎች የሚከተሉት ናቸው፦

```
የመስኮትና የበር ዙሪያ     78 ሜ * 0.04 =  3.1
የሁለተኛው ፎቅ ወለል ጠርዝ   36 ሜ * 0.10 =  3.6
የመሠረቱ መጋጠሚያ         36 ሜ * 0.20 =  7.2
ድምር                               13.9 ዋት በኬልቪን
```

ሁለት ነገሮችን ሳያረጋግጡ ከዚህ ደረጃ አይለፉ። የመጀመሪያው ድርብ ቆጠራ ነው። 25 በመቶ ውስጥ አግዳሚዎቹ፣ የማዕዘን እንጨቶቹና የመስኮት ተሸካሚዎቹ ገብተዋል፤ ስለዚህ የሚጠቀሙበት የፕሳይ ዋጋ የመስኮቱን ፍሬም መቀመጫ ብቻ የሚመለከት እንጂ በዙሪያው ያለውን እንጨት እንደገና የሚቆጥር መሆን የለበትም። ካታሎጉ ጠፍጣፋውን ግድግዳ ከነስተዱ ወይስ ያለስተድ እንደቀነሰ በማብራሪያው ላይ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ግድግዳው የተለካበት ፊት ነው። የቤቱን ስፋት በውጭ ፊት ከለኩ የውጭ ልክ ፕሳይ፣ በውስጥ ፊት ከለኩ የውስጥ ልክ ፕሳይ ይጠቀሙ። በውጭ ሲለካ ማዕዘኑ ላይ ከሚገባው በላይ ስፋት ስለሚቆጠር፣ በደንብ የተሠራ የውጭ ማዕዘን ፕሳይ ከዜሮ በታች ሊወጣ ይችላል። ይህንን አሉታዊ ቁጥር ያየ ሰው ስህተት መስሎት ወደ አዎንታዊ ይለውጠዋል፤ እንዲህ ማድረግ አይገባም፣ ትርፍ የተቆጠረውን የሚመልሰው እሱ ነውና። በእኛ ምሳሌ ማዕዘኖቹን ዜሮ አድርጌ ትቻቸዋለሁ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ሳይቋረጥ ከክፍል ወደ ውጭ የሚወጣ የኮንክሪት በረንዳ ፕሳይ ወደ 1 ይጠጋል። እንዲህ ያለ በረንዳ 14 ሜትር ቢኖር ብቻውን የዚህን ቤት መጋጠሚያዎች ሁሉ ያክላል።

## ደረጃ 5፦ ወደ ከፍተኛው የማሞቂያ ጭነት ይለውጡ

ከፍተኛው ጭነት የሚሰላው በታሪክ ከተመዘገበው ቀዝቃዛ ሌሊት ሳይሆን ለከተማው በተሰጠው የንድፍ ሙቀት ነው። የተለመደው ባለ 99 በመቶው ሲሆን፣ በዓመት ውስጥ ከዚያ በታች የሚወርደው 88 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለሚኒያፖሊስ ወደ −24 ዲግሪ ሴልሺየስ እወስዳለሁ፤ ውስጡ 21 ከሆነ ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነው። ፀሐይን፣ ምድጃንና የሰው አካል ሙቀትን አይቀንሱ፤ ጭነቱ የሚያይለው ሁሉም በተኛበት፣ ፀሐይ ባልወጣችበት ሰዓት ነው።

```
በከረጢቱ ቁጥር፦  164 * 0.299          = 49.0 ዋት በኬልቪን
በትክክለኛው፦     164 * 0.386 + 13.9   = 77.2 ዋት በኬልቪን
ልዩነት፦        28.2 * 45            = 1269 ዋት
```

ከ28.2 ውስጥ 14.3 ያህሉ ከእንጨቱና ከኢንሱሌሽኑ መጨመቅ፣ 13.9ኙ ከመጋጠሚያዎቹ የመጣ ነው። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ያረመ ሰው ሥራውን ያጋመሰው ብቻ ነው።

አሁን ይህንን ከቤቱ ጠቅላላ ብክነት ጋር ያገናኙት። መስኮትና በር 51፣ ጣሪያ 9.6፣ ወለልና ከርሰ ቤት 20፣ በየቀዳዳው የሚገባው አየር 54.4 ዋት በኬልቪን ቢሆኑ፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው 135 ነው። በከረጢቱ ቁጥር የቤቱ ከፍተኛ ጭነት 8.28 ኪሎ ዋት፣ በትክክለኛው ስሌት 9.55 ኪሎ ዋት ይሆናል። ጭማሪው 15 በመቶ ነው።

የጋዝ ፈርነስ ላለው ሰው ይህ ስህተት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ባለ 60,000 ቢቲዩ ፈርነስ በ95 በመቶ ብቃት ወደ 16.7 ኪሎ ዋት ስለሚሰጥ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ሂት ፓምፕ ለማስገባት ሲታሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሂት ፓምፑ ዋና የአቅም ቁጥር የሚለካው ውጭው 8.3 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ብርዱ ሲጠነክር የቤቱ ፍላጎት ይጨምራል፣ የማሽኑ አቅም ግን ይቀንሳል። ስለዚህ 9.55ን የሚያነጻጽሩት ከዋናው ቁጥር ጋር ሳይሆን በአምራቹ ዝርዝር ሰንጠረዥ ላይ በ−24 ከተጻፈው ጋር ነው። በ8.28 ስሌት የተመረጠ ማሽን የሚጎድለውን 1.27 ኪሎ ዋት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ይሞላዋል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው የጥር ሂሳብ ሲመጣ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጭነቱን የሚያሰላው ባለሙያ ማኑዋል ጄ በሚባለው የአሜሪካ የቤት ጭነት ማስያ ዘዴ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ «የእንጨት ስተድ፣ አር-19» የሚለውን ሲመርጥ ፕሮግራሙ የእንጨቱን ድርሻ ራሱ ይጨምራል። የእርስዎን 14.7 በኢንሱሌሽኑ ቦታ ቢያስገባ እንጨቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ወይ ሠንጠረዡን ይምረጥ፣ ወይ የግድግዳውን ሙሉ ዩ-ቫሊዩ 0.386 በቀጥታ ያስገባ። መጋጠሚያዎቹን 13.9 ግን ለብቻ ማስገባት ይኖርበታል።

## ደረጃ 6፦ ስሌቱን በግድግዳው ላይ ይፈትኑ

የሙቀት ካሜራ ተከራይተው ውጭው በጣም በቀዘቀዘበት ማለዳ፣ ፀሐይ ግድግዳውን ሳትነካ፣ ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ምን እንደሚጠብቁ አስቀድመው ያስሉ፦ የውስጥ ፊት ሙቀት የሚገኘው ከ21 ላይ የዲግሪ ልዩነቱ፣ የውስጥ አየሩ 0.13 እና የዚያ ቦታ ዩ-ቫሊዩ ብዜት ተቀንሶ ነው።

```
ኢንሱሌሽን ባለበት  21 - 45*0.13*0.285 = 19.3
ስተድ ባለበት     21 - 45*0.13*0.665 = 17.1
```

በ−24 ሁለት ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዙ ቀጥ ያሉ መስመሮች በየ406 ሚሊ ሜትሩ ከታዩ ግድግዳው ስሌቱ እንዳለው ነው። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደ አንድ ዲግሪ ስለሚወርድ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፤ ያን ጊዜ «ድልድይ የለም» ብለው አይደምድሙ። በሁለት ስተዶች መካከል ከስተዱም የባሰ ቀዝቃዛ ቦታ ካዩ ያ የሙቀት ድልድይ አይደለም፤ ኢንሱሌሽኑ ወርዷል፣ ጎድሏል ወይም አየር ይገባል። ጫፉ እንደ ላባ የተበታተነ ቅዝቃዜ ብዙውን ጊዜ የአየር መግቢያ ነው፤ መፍትሔውም ማሸጊያ እንጂ አዲስ ስሌት አይደለም።

## ደረጃ 7፦ ማሻሻያውን ከመግዛትዎ በፊት ደግመው ያስሉ

በስተዶቹ መካከል የተሻለ ባት መቀየር እንጨቱን አይነካውም። እንጨቱን የሚሸፍነው ከኦኤስቢው ውጭ ሳይቋረጥ የሚለጠፍ ኢንሱሌሽን ነው። 50 ሚሊ ሜትር ጠንካራ የማዕድን ሱፍ ሰሌዳ፣ አስተላላፊነቱ 0.036 ከሆነ፣ 1.39 ይጨምራል። ደረጃ 3ን በዚህ ቁጥር ሲደግሙ ዩ-ቫሊዩው 0.246 ይሆናል።

ሰሌዳውን የሚይዙት ረጃጅም የብረት ብሎኖች ደግሞ ራሳቸው ትናንሽ ድልድዮች ናቸው። በካሬ ሜትር አራት ብሎን፣ የእያንዳንዱ ብረት ስፋት 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የአይኤስኦ 6946 ማረሚያ እንዲህ ይሰላል፦

```
0.8 * 50 * 0.00002 * 4 / 0.05 * (1.39/4.06)^2 = 0.0075
U = 0.246 + 0.0075 = 0.254
```

ከመጋጠሚያዎቹ ውጭ ያለው የጠፍጣፋው ግድግዳ ብክነት ከ63.3 ወደ 41.7 ዋት በኬልቪን ይወርዳል፤ በ45 ዲግሪ ልዩነት 972 ዋት ከከፍተኛው ጭነት ተቀነሰ ማለት ነው። ሰሌዳው የፎቁን ወለል ጠርዝ አልፎ እስከ መሠረቱ ከወረደ የደረጃ 4 ዋጋዎችም ስለሚቀንሱ እነሱን በአዲስ የካታሎግ ዋጋ ይተኩ። ከመሠረቱ በላይ ተቆርጦ ከቀረ ግን 7.2ቱ እንዳለ ይቆያል፤ እንዲያውም ግድግዳው ከተሻሻለ በኋላ ትልቁ የመጋጠሚያ ብክነት እሱ ብቻ ስለሚሆን፣ ሥራ ተቋራጩ ሰሌዳውን የት ላይ እንደሚያቆም በውሉ ላይ ያስጽፉ።